የሪፈር ወረቀቱ መልስ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ከጀውሃ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከሰንበቴና ከአጣዬ አካባቢ ወደ ስልጠና የምትጠሩ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ቢሞንክ የምንለውን የድንገተኛ ወሊድና የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ስልጠና የወሰዳችሁ መጨረሻው ቀን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፎቶ እንነሣለን፣ ሰርተፊኬት እንቀበላለን፣ አበል ላይ እንፈርማለን፣ አንዱ ፈጠን ያለ ልጅ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። ግሩፑ በመጀመሪያው ሳምንት የሻይ እረፍት ፎቶ ይጎርፍበታል። ከዚያ «እንኳን አደረሳችሁ» ይመጣል። ከዚያ አንዱ የሚሸጥ ሞተር ሳይክል ይለጥፋል። ከዚያ ጸጥ።

ብዙዎቻችሁ «ስልጠናው ጥሩ ነበር፣ ሰው ተዋወቅን» ትሉኛላችሁ። መተዋወቁ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ላይ አልስማማም። ሦስት ሳምንት አብሮህ የተቀመጠ ሰው ስለተዋወቅኸው ብቻ የሪፈር አጋርህ አይሆንም። አጋር የሚሆነው የላክህለት እናት ምን እንደሆነች መልሶ የነገረህ ዕለት ነው። የባች ፍቅር የሚጸናው በመልስ ነው፤ መልስ የሌለበት ግሩፕ ውሎ አድሮ የሞተር ሳይክል ገበያ ይሆናል።

በእኛ በይፋት ቆላ ይሄ ነገር ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ። አገሩን ለማታውቁ፣ ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። እዚህ ጤና ጣቢያ ላይ የምትሠራ አዋላጅ ከአቅሟ በላይ የሆነች እናት ብትገጥማት፣ መጀመሪያ የምታስበው ቅርብ ያለውን ሆስፒታል ነው። እዚያም ካልተቻለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ላይ ነው፤ በሮቢት አድርጎ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን። ከሮቢት ብቻ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ከ3000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት፣ ጉም ሲወርድ አምቡላንሱ እግረኛ የሚሆንበት። ሌላው በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ነው። ይሄኛው ደግሞ መንገዱ ክፍት ሲሆን። በ2013 እና በ2014 አጣዬና አካባቢው ምን እንደሆነ ያያችሁ ሰዎች «መንገዱ ክፍት ሲሆን» የምትለዋን ቃል ለማን እንደምጽፍ ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ቀን የትኛው ሆስፒታል ደም አለው፣ የትኛው ጋ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነው፣ መንገዱስ ያሳልፋል ወይ የሚለውን የሚነግርህ የተለጠፈ ሰንጠረዥ ሳይሆን እዚያ ያለ ሰው ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ በዝርዝር እንይ። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ ግን ማናችሁም ብትሆኑ ታውቋታላችሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ የሆነ ልጅ እግር ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች፤ ስምንተኛ ወሯ ነው። ራሷን በጣም ያማታል፣ ዓይኗ ይጋረድባታል። ግፊቷ 170 በ115። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ። 8፡10 ላይ ተንቀጠቀጠች። ተረኛዋ አዋላጅ የተማረችውን ሠራች። ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም፣ በ20 ፐርሰንት ተበርዞ፣ በደም ሥር ቀስ ብሎ በ5 ደቂቃ። ወዲያው ደግሞ ከ50 ፐርሰንቱ 5 ግራም በአንዱ መቀመጫ፣ 5 ግራም በሌላው፣ ከሊዶካይን ጋር። በድምሩ 14 ግራም፤ ሎዲንግ ዶዝ የምንለው ሙሉው። የጡንቻው መርፌ ያለቀው 8፡25 ላይ ነው። ለግፊቷ ሃይድራላዚን 5 ሚሊግራም ሰጠች፣ ካቴተር አስገባች፣ አምቡላንስ ጠራች። እስከዚህ ድረስ እንከን የላትም።

ከዚያ የሪፈር ወረቀቱን ጻፈች። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ቆሟል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ሌላ ምጥ ላይ ያለች እናት ከጀርባዋ ትጠራታለች። «ማግኒዥየም ተሰጥቷታል» ብላ ጻፈች። ሰዓቱ የለም፤ መጠኑም የለም።

አሁን የተቀባዩን ሆስፒታል አዋላጅ ሁኑ። ወረቀቱን አየ። ምን ያህል ነው የተሰጣት? የደም ሥሩ ብቻ ነው ወይስ የጡንቻውም ተጨምሯል? መቼ? ቀጣዩ 5 ግራም የሚሰጠው ከጡንቻው መርፌ 4 ሰዓት በኋላ ነው። 8፡25 መሆኑን ካወቀ 12፡25 ላይ ይሰጣል። ካላወቀ ከሁለት ስህተት አንዱ ላይ ይወድቃል። አንዱ «ምናልባት አልተሟላም» ብሎ ሎዲንጉን እንደገና መስጠት ነው፤ ያኔ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፣ አተነፋፈሷ ይዘገያል፤ ካልሲየም ግሉኮኔት ፍለጋ ሩጫ ይጀመራል። ሌላው «በዝቶባት እንዳይሆን» ብሎ መጠበቅ ነው፤ ያኔ እንደገና ትንቀጠቀጣለች። የተሻለው ተረኛ ትንፋሿን ይቆጥራል፣ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆኑን ያያል፣ ጉልበቷን ይመታል፣ ሽንቷን በሰዓት ያሰላል። ሽንቱ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መሙላት አለበት። ግን ካቴተሩ መቼ እንደገባ ካልተጻፈ ያን ሒሳብ በምን ይሥራው? ደግሞ ከሆስፒታሉም በላይ የሚያስፈልጋት ነገር ካለና ወደ ደብረ ብርሃን የምትቀጥል ከሆነ፣ 12፡25 የሚመጣው ምናልባት ጣርማ በር ላይ ነው። ያን መርፌ አብሯት የሚሄደው ባለሙያ ይዞት መውጣት አለበት፤ የሚይዘው ደግሞ ሰዓቱን ካወቀ ብቻ ነው።

ይሄንኑ ታሪክ አዋላጇና ተቀባዩ የአንድ ባች ልጆች ሆነው አስቡት። አምቡላንሱ እንደወጣ ስልክ ትመታለች። «ስምንተኛ ወር፣ አንዴ ተንቀጥቅጣለች፣ ሎዲንግ ሙሉ ነው፣ የጡንቻው 8፡25፣ ሃይድራላዚን 5፣ ካቴተር 8፡30፣ ግፊቷ ስትወጣ 160 በ105።» አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለምን አጠረ? ሁለቱም እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ እዚያው አሻንጉሊት ላይ፣ ያንኑ ልምምድ ስለሠሩ ነው። «ሎዲንግ ሙሉ ነው» ስትለው 14 ግራም ማለት እንደሆነ ሳታስረዳው ይገባዋል። ሲሠለጥኑ ሰዓት መጻፍ ረስታ አሠልጣኙ የቆጣት እሷ እንደሆነች ሁሉ ሳያስታውስ አይቀርም። አብሮ መሠልጠን ለሪፈር የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ከወዳጅነቱ በፊት የጋራ ቋንቋው።

እዚህ ላይ ብንቆም ግን ታሪኩ ግማሽ ነው። ብዙ ባቾች የሚሞቱት እዚህ ስለሆነ ነው።

በማግስቱ ተቀባዩ ዝም ካለ ያቺ አዋላጅ ምን ታውቃለች? የላከቻት ልጅ ኖረች? ሕፃኑስ? የሰጠችው ልክ ነበር? የምትሰማው ምናልባት ከሳምንት በኋላ ገበያ ላይ ከዘመድ ነው፤ የምትሰማውም «እዚያ ሄዳ ዳነች» ወይም «አዘግይተዋት ነው» የሚል ነው። ሁለቱም አያስተምራትም። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነ መደወሉን ትተወዋለች። የሪፈር ቅጹ ላይ የመልስ ክፍል እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያ ክፍል ተሞልቶ ወደ ላከው ጤና ጣቢያ የተመለሰበትን ቀን ግን ስንቶቻችሁ አይታችኋል?

ስለዚህ ለባቻችሁ አንድ ደንብ ብቻ አውጡ ብባል የማወጣው ይሄንን ነው፦ የተቀበለ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይመልስ። ምን ሆነች። የሠራሽው ምኑ ጠቀመን። ምን ጎደለን። «ደህና ናት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በቀዶ ሕክምና ወለደች፣ ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ነው። የማግኒዥየሙን ሰዓት ስለነገርሽን 12፡25 ላይ በልክ ሰጠናት። የደም ዓይነቷን ብታዪልን ኖሮ ግማሽ ሰዓት እናተርፍ ነበር።» ያቺ የደም ዓይነት በሚቀጥለው ጊዜ ተሠርታ ትመጣለች። ማንም ሱፐርቫይዘር ቼክሊስት ይዞ መጥቶ እንዲህ አያስተምርም። ከሱፐርቫይዘር ስትሰሙት ወቀሳ ነው፤ ከባች ጓደኛ ስትሰሙት የሥራ ወሬ ነው።

ከባዱ መልስ እናቲቱ ስትሞት ነው። እዚያ ላይ ሰው ስልኩን ይዘጋል፤ እኔም አልፈርድበትም። ግን ባቹ ባች መሆኑ የሚታየው ያን ዕለት ነው። ሞቱ በደንቡ መሠረት በየተቋሙ የሞት ቅኝት ኮሚቴ ይታያል፤ ያ የራሱ ሥርዓት አለው፣ ማንንም ለመክሰስ የተዘጋጀም አይደለም። ከዚያ ውጭ ግን የላከችው አዋላጅ ከወረቀት በፊት ከሰው ድምፅ ልትሰማው ይገባል። «አልተረፈችልንም። አንቺ ጋ የተሠራው ትክክል ነበር» ወይም «አንድ ነገር አለ፣ ሲረጋጋ እንነጋገርበታለን።» ይሄን ስልክ የደወለ ሰው ከዚያች ሴት ጋር ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሥራ ወንድሟ ነው።

ሪፈር ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ የሚመስላቸው አሉ። ይሄም ባቹን ይገድለዋል፤ ጤና ጣቢያ ያለው ሁልጊዜ ለማኝ፣ ሆስፒታል ያለው ሁልጊዜ ሰጪ ይሆናል። ያቺ ልጅ እኮ ከሆስፒታል ስትወጣ የምትሄደው ጀውሃ ነው። ግፊቷ ከወሊድ በኋላም ሊያሻቅብ ይችላል፣ የምትውጠው መድኃኒት አለ፣ የተሰፋ ቁስል አላት፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ ነው። ስለዚህ ሆስፒታል ያለው አዋላጅ ወደ ታች ይደውል። «ዛሬ ወጥታለች፣ የግፊት መድኃኒት ላይ ናት፣ በሦስተኛው ቀን ግፊቷን ለኪልኝ፣ ሕፃኑንም መዝኝው።» እሷ ደግሞ ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ትነግራለች። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ወደ ላይ ይመለሳል። አሁን ማን ለማን ነው የሚለምነው? ግሩፓችሁ ጤነኛ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሌላ መለኪያ አትፈልጉ፤ ባለፈው ወር ሆስፒታል ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ያለውን አንድ ነገር ጠይቆታል ወይ ብላችሁ እዩ። ጥያቄ ሁሉ ከታች ወደ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መልስም ከሌለ፣ ግሩፑ አለ እንጂ ባቹ የለም።

ለዚህ ደግሞ ባቹ ውስጥ የመሰላሉ እርከኖች ሁሉ መኖር አለባቸው፤ እዚህ ላይ ወቀሳዬ ለሠልጣኞች ሳይሆን ስልጠና ለምናዘጋጅ ሰዎች ነው። የጥሪ ደብዳቤ ስንጽፍ «ከየጤና ጣቢያው አንድ አዋላጅ» ብለን ሃያ እኩያ እንሰበስባለን። ሃያዎቹም ላኪ ናቸው፤ ተቀባይ አዳራሹ ውስጥ የለም! ይሄን የእኛ አገር ድሮ በተሻለ አስቦበት ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ከገባ በኋላ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን እዚያው ጎን ለጎን ሠልጥነው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ቡድን ሆኖ ወደ ገጠር የመውጣቱ ልማድ በኋላም በጎንደርና በጅማ ተማሪዎች ዘንድ ቀጥሏል። ሐሳቡ የተለያየ ሥራ ያላቸው ሰዎች ሥራ ሳይጀምሩ ይተዋወቁ ነው። የእኛ ሠልጣኝ ወደ አንድ ቦታ አብሮ አይመደብም፤ በመንገዱ ላይ ይበተናል። ለሪፈር ደግሞ መበተኑ ጥሩ ነው፤ ከጀውሃ እስከ ደብረ ብርሃን በየእርከኑ አንድ የሚያውቁት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ከሃያው ወንበር አራት አምስቱ ለተቀባዮች ይሁን፤ ለሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ሰዎች፣ ለላይዘን ኦፊሰር። የሚቻል ከሆነ ለግማሽ ቀን የአምቡላንስ ሾፌሮቹንም ጥሩ። መንገዱን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እናቲቱ በግራ ጎኗ ተኝታ እንድትሄድ ምክንያቱ የገባው ሾፌር ደግሞ ሳይነግሩት ያደርገዋል።

የመጨረሻው ቀን ላይም ከፎቶው በፊት አንድ ሰዓት ውሰዱ። በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ስም፣ የሥራ ቦታ፣ በሌሊት የሚነሣ ስልክ ይጻፍ። ከስልኩ አጠገብ ደግሞ ያለበት ተቋም ምን አለው ምን የለውም ይጻፍ፦ ቀዶ ሕክምና፣ ደም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ አምቡላንስ፣ የላይዘን ቢሮ ቁጥር። ይሄ ዝርዝር ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ አንድ ሰው በየሦስት ወሩ «የተቀየረ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። እቁብ ሰብሳቢ ለመምረጥ አንቸገርም፤ ለዚህም አንድ እንምረጥ።

አሁን ወሰኑን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር አጣመው የሚጠቀሙበት አሉ።

የባች ጓደኛ የላይዘን ምትክ አይደለም። ላይዘን ቢሮው መጀመሪያ ወይም እኩል ይደወልለት። ጓደኛህን ብቻ ነግረኸው እሱ ያን ሌሊት ተረኛ ባይሆን፣ እናቲቱ ማንም ያልጠበቃት ሆና በር ላይ ትቆማለች። ደግሞ «ጓደኛዬ እዚያ አለ» ብሎ ቅርቡን ሆስፒታል አልፎ መላክ አለ። ስሙን የማልጠራው ተቋም ውስጥ ደም የምትፈስ እናት ለዚህ ብላ ረጅም መንገድ ስትሄድ አይቻለሁ። ቅርብ ያለው የሚችለው ከሆነ ወዳጅ የሌለበት ቢሆንም እዚያው ነው።

ግሩፑ ላይ የታካሚ ስም፣ ፊት፣ የካርድ ፎቶ አይለጠፍ። «የጀውሃዋ፣ 8፡25» ማለት ለሚመለከተው ይበቃል፤ በእኛ አገር ስም ቢደበቅም የሰፈር ሰው በቀላሉ ስለሚለይ እሷንም በግል መልእክት ብታደርጉት ይሻላል። ለጋራ ትምህርት የሚሆነው ሲያልፍ፣ መለያው ወጥቶ ይነገር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ከባቻችን የተወሰኑት የግል ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪ፣ አልትራሳውንድ ይከፍታሉ፤ ደስ ይለኛል። ከዚያ ግን «የምትልኪልኝን በሰው እንዲህ አስብልሻለሁ» የሚል ስልክ ይመጣል። ይሄ ሪፈር አይደለም፤ ድለላ ነው። ታካሚዋ የምትሄደው የሚያስፈልጋት ነገር እዚያ ስላለ መሆኑ ይቀርና ኮሚሽን ስላለ ይሆናል፤ የምትከፍለውም እሷው ናት። አንድ ባች ውስጥ ሁለት ሰው ይሄን ከጀመረ የሌሎቹም ሪፈር ሁሉ ይጠረጠራል። ጓደኛችሁ ጥሩ የሚሠራ ከሆነ ያለ ገንዘብ ላኩለት፤ ሌላም አማራጭ እንዳለ ለታካሚዋ ንገሯት። ከከፋው ይክፋው።

የቀረው ዝውውር ነው። ከሠለጠናችሁት ግማሾቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ አትገኙም። አንዱ አዲስ አበባ ይገባል፣ አንዷ ትምህርት ትቀጥላለች፣ አንዱ ዓረብ አገር ይሄዳል፣ አንዱ ሙያውን ትቶ ማሾና ሽንኩርት ይነግዳል። ዝርዝሩ ላይ የነበረው ስልክ ሌሊት ቢጠራም የሚመልሰው ሌላ አገር ነው። ለዚህ የማውቀው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ስትለቅ ከመሸኛ ደብዳቤህ ጋር ተተኪህን ለባቹ አስተዋውቅ። ግሩፑ ውስጥ አስገባው፣ ከጎረቤት ጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር በስልክ በድምፅ አገናኘው፣ የመጀመሪያውን ሪፈሩን አብረኸው ደውል። አንተ ደግሞ አትውጣ። አዲስ አበባ ስፔሻሊቲ ሆስፒታል የገባ የባች ልጅ ለጀውሃ ከበፊቱ በላይ ይጠቅማል፤ የልብ ችግር ያለባት ነፍሰ ጡር የት ትታያለች፣ ቀጠሮ በየትኛው ቀን ነው፣ ምን ወረቀት ይዛ ትምጣ የሚለውን ከሱ በላይ የሚነግራት የለም።

ባለፉት ዓመታት እኔ ጋ የሠለጠናችሁ፣ ግሩፓችሁ አሁንም ካለ ገብታችሁ የመጨረሻዎቹን ሃያ መልእክቶች እዩና ስንቱ የታካሚ መልስ እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የተቋም ስም አትጻፉ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃኛል። በሚቀጥለው ዙር ስልጠና የጥሪ ደብዳቤው ላይ የተቀባዮቹን ወንበር ስጠይቅ ይዤው እገባለሁ።